ድምፁ ሲደርቅ ውሃ ጠብ አድርግበት

ጀርመን፣ ሃምቡርግ ውስጥ፣ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ የሰርግ መጥሪያ ካርድ ተለጥፏል። የሙሽሮቹ ስም ያለበት ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል። የሚነበበው ጀርባው ነው። እዚያ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ በአያቴ ቃል፣ የምስር ወጥ አሠራር ሰፍሯል። ቡታጅራ ላይ ተጽፎ፣ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ለአክስቴ ልጅ የተላከ ነው። ካርዱ ላይ ግራም የለም፣ ደቂቃ የለም፣ «መካከለኛ እሳት» የሚል ቃል እንኳን የለም። ቁጥር ያለው የጨው ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የአክስቴን ልጅ ብታውቁት ድስት ክዳን የሚያነሳው ለመብላት ብቻ የነበረ ልጅ ነው። እናቱም እኛም አበላሽተነዋል መሰለኝ። ለትምህርት ሄዶ የመጀመሪያውን ረመዳን፣ የ1446ቱን፣ ብቻውን ሲጾም ግን ሆዱ አሳደደው። በተምርና በዳቦ ሲያፈጥር ሰንብቶ አንድ ቀን ከስልኩ ላይ አንድ የምስር ወጥ ቪዲዮ አገኘ። ሁለት ኩባያ ምስር፣ ሦስት ሽንኩርት፣ ሦስት ማንኪያ በርበሬ፣ ሽንኩርቱን ለ10 ደቂቃ ጥበስ፣ ይላል። ልጁ የሒሳብ ሰው ነው። አንድም ነገር ሳያጎድል እንደተባለው ሠራው። ከመግሪብ በኋላ ደወለልን፦ ወጡ ይመራል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ሽንኩርቱ እንዳለ ቁርጥራጩ ይንሳፈፋል፣ ምስሩ ታች ውሃው ላይ ሆኖ ተለያይቷል።

አያቴ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ሽንኩርቱ ሲቁላላ ምን ሸተተህ?»

«እኔ እንጃ እማማ፣ ጭስ እንዳይጮህብኝ ብዬ መስኮቱን ከፍቼው ነበር።»

«ድምፁስ ምን ይል ነበር?»

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ነበር።»

«ታዲያ ማን አበሰለው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሰሉን አያይዘው «ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እጄ ላይ የገባው ወፍራም ወረቀት ያ የሰርግ ካርድ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃሉን የነገሩኝ ጾመኛ ሆነው ነው። ጾመኛ ሰው ለችግሩ ምግብ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ቢተፋ፣ ወደ ጉሮሮው እስካልወረደ ድረስ ጾሙን እንደማያበላሽ ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ከኢብን ዐባስም (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ይህን የመሰለ ንግግር ተዘግቧል። አያቴም ይህን ያውቁታል። ነገር ግን አይቀምሱም። «የራበው ምላስ ሁሉንም ጣፋጭ ይላል፤ እኔ ጾም ላይ ምላሴን አላምነውም» ይላሉ። ስለዚህ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ በጆሮ፣ በአፍንጫና በጣት ሲያበስሉ ኖረዋል። ለልጁ የላኩለትም ይህንኑ ነው። እኔ «ስንት?» ባልኩ ቁጥር እሳቸው «እንዲህ ሲሆን» እያሉ ይመልሱልኛል። ከብዙ ክርክር በኋላ ካርዱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

«ቢስሚላህ በል።

ምስሩን ልቀምና እጠብ። ውሃው ውስጥ የእጅህ ጣቶች ጥርት ብለው ሲታዩህ ይበቃል።

ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍ። ሲከመር ከምስሩ ክምር ይብለጥ።

ዘይት ሳታደርግ ድስት ላይ ጣለው። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ቀጥሎ ያንሾካሹካል፣ ከዚያ ይደርቃል። ድምፁ ሲደርቅ ውሃ ጠብ አድርግበት። እንዲህ እያልክ ቆይ። ዓይን ማስለቀሱን ትቶ ጣፋጭ ሲሸትህ ዘይቱን ጨምር።

በርበሬውን ስትጨምር ድስቱን ከእሳቱ አንሳው። ካስነጠሰህ ገና ጥሬ ነው። ካስሳለህ እያረረብህ ነው። ምራቅህን ካመጣው ደርሷል።

ዘይቱ ቀልቶ ወደ ዳር ሲወጣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን አግባ።

ፍል ውሃ ጨምር፣ ሲፈላ ምስሩን አግባ። ቀዝቃዛ ውሃ አታስነካው።

አንዷን ፍሬ አውጥተህ በሁለት ጣትህ እሻት። አሸዋ ከሆነች ቆይ። ቅቤ ከሆነች የጨው ጊዜ ነው።

ጨው 2 ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ይቅመስልህ።

ማማሰያውን በድስቱ መሐል አስኪደው። የሄደበት መንገድ ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም ብለህ እስክትጨርስ ሳይዘጋ ከቆየ አውጣ።

ቅቤና መከለሻ ጣል አድርገህ ክደነው። አትቸኩል።»

ካርዱ እንደደረሰው ልጁ የላከው የመጀመሪያ መልእክት «እሺ፣ ግን ስንት ግራም?» የሚል ነበር። እኔም እውነት ለመናገር በልቤ ከሱ ጋር ነበርኩ። ስለዚህ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሼ አያቴ ሲሠሩ ሁለት ቀን መዘንኩ። በሁለት እጃቸው ሁለት እፍኝ የዘገኑት ምስር አንድ ቀን 310፣ ሌላ ቀን 280 ግራም ሆነ። ይህስ ቅርብ ነው። በርበሬው ግን አንድ ቀን 35 ግራም፣ ሌላ ቀን 48 ግራም መዘነ። «ለምን ዛሬ በዛ?» ስላቸው የዕለቱን በርበሬ ከሌላ ዕቃ እንዳወጡት፣ እሱ ደግሞ ከቆየ ዓመት የተረፈና ኃይሉ የደከመ መሆኑን ነገሩኝ። ከማንኪያው ጫፍ ትንሽ በመዳፋቸው ላይ አሽተው አሽትተው ነው የወሰኑት። ወጡ ሁለቱንም ቀን አንድ ዓይነት ነበር። እንግዲህ 35 ብዬ ብጽፍለት ወይም 48 ብዬ ብጽፍለት ሁለቱም ለእኛ ድስት ልክ ናቸው፤ እሱ ሃምቡርግ ላይ ለያዘው በርበሬ ግን የትኛውም ምንም አይነግረውም። የመዳፉ ፈተና ግን ይሠራለታል።

ይህ ነገር በሽንኩርቱ ላይ ደግሞ ይብሳል። የእኛ ገበያ ቀይ ሽንኩርት ትንሽ፣ ደረቅና ቁጡ ነው። እዚያ በብዛት የሚሸጠው ቢጫ ሽንኩርት ግን ትልልቅና ውሃ የበዛበት ነው፤ ቆርጠህ ድስት ላይ ስትጥለው ውሃውን ለቆ ይቀቀላል እንጂ ቶሎ አይቁላላም። «10 ደቂቃ» ያለው ቪዲዮ ልጁን ጉድ የሠራው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ወጥ ዱቄት አይገባበትም። ወጡን የሚያወፍረው፣ ምስሩንና ውሃውን አንድ የሚያደርገው፣ ቀልጦ የጠፋው ሽንኩርት ነው። ያልቀለጠ ሽንኩርት ይንሳፈፋል፤ ምስሩም የሚይዘው አጥቶ ይዘቅጣል። ልጁ የነገረን ሁለት ችግር፣ የሚንሳፈፈው ሽንኩርትና የተለያየው ውሃ፣ በሥሩ አንድ ችግር ነበር።

ዘይት መጀመሪያ የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘይት ውስጥ የገባ ሽንኩርት መሐሉ ሳይቀልጥ ዳር ዳሩ ይጠበስና ይደርቃል። ያለ ዘይት ሲሆን ግን በገዛ ውሃው ይለሰልሳል፣ ውሃው ሲያልቅ ድስቱን ሊይዝ ሲል አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ የያዘው ይለቃል፣ እንደገና ይደርቃል። በየዙሩ ቀለሙ ይጠቁራል፣ መጠኑ ይቀንሳል። አያቴ ይህን ሲያደርጉ ድስቱን አያዩትም። ከጎን ቁጭ ብለው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ በጆሯቸው ነው የሚከታተሉት። ውሃ እያለ ድምፁ ሰፊና እርጥብ ነው፤ እያለቀ ሲሄድ ይቀጥናል፤ ከዚያ ጥቂት ደረቅ ቷ ቷ የሚል ነገር ይመጣል። ያኔ እጃቸው ወደ ውሃው ይሄዳል።

ልጁ ይህን በጽሑፍ ሊረዳው አልቻለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩን ከድስቱ አጠገብ አስቀምጦ ደወለ። አያቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛ የምንሰማው ሹሹታ ብቻ ነው። ድንገት «አሁን! ውሃ!» አሉት። ጨመረ። ጥቂት ቆይተው «አበዛኸው፣ በማንኪያ ነው እንጂ በጭልፋ አልተባልክም» አሉት። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የውሃውን መጠን በድምፁ አወቁት፤ ልጁም እውነቱን ነው ሲል አመነ። በስድስተኛው ዙር ላይ ዝም ብለው ቆዩና «አሁን አንተ ንገረኝ» አሉት። እሱም ሳይሳሳት «አሁን» አለ። የዚያን ቀን ሽንኩርቱ 50 ደቂቃ ፈጀ። እኛ ቤት ከሰል ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው።

ወደ በርበሬው ልሂድ፤ ምሬቱ የመጣው ከዚህ ነውና። እኛ የቡታጅራ ሰዎች በበርበሬ ነገር ትንሽ እንኮራለን። ማረቆ ጎረቤታችን ነው። የማረቆ በርበሬ በቅላቱና በሽታው አገር ያወቀው ነው፤ አዲስ አበባም ሄዳችሁ ነጋዴ «የማረቆ ነው» ካለ ዋጋውን ከፍ ማድረጉ ነው። አያቴ ዛላውን በዓይናቸው መርጠው ይገዛሉ፣ ቀንጥሰው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ቅመሙን አስገብተው ወፍጮ ቤት ያስፈጩታል። ልጁ የተጠቀመበት ግን እዚያ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ የማይታወቅ ነበር። መዳፉ ላይ ሲያሸው እንደ አቧራ በኖ ቀረ፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ሄዷል። ደህና በርበሬ ሲታሽ መዳፍ ላይ ቀይ፣ ትንሽ ወዝ ያለው ምልክት ይተዋል፤ ሽታውም አፍንጫ ድረስ ሳታነሱት ይመጣል። ስለዚህ ከካርዱ ጋር አንድ ኪሎ ተላከለት።

ግን ጥሩ በርበሬም ያርራል። በርበሬ ዱቄት ነው፤ ትኩስ ዘይት ላይ ሲያርፍ ለማረር ጊዜ አይፈጅበትም፤ ያረረ በርበሬን ደግሞ ምንም ውሃ፣ ምንም ቅቤ፣ ምንም ስኳር አያድነውም። ሰው የሚሳሳተው ጥሬውንና ያረረውን ስለሚያምታታ ነው። ወጡ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ በርበሬው ጥሬ ነው፤ መልሳችሁ ብታበስሉት ይስተካከላል። ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት ካለ ግን አርሯል፤ ከእንደገና መጀመር ነው። ልጁ ሁለቱንም በአንድ ድስት ነበር የሠራው፦ መጀመሪያ አሳረረው፣ ደንግጦ ወዲያው ውሃ ከለበሰበት፣ የተረፈው ጥሬ ቀረ።

እዚህ ላይ የምድጃው ነገር አለ። የኛ አያት ድስቱን ከከሰሉ ሲያነሱት እሳቱ ቀረ ማለት ነው። የሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ብታጠፉትም ብረቱ ለብዙ ጊዜ ግሎ ይቆያል። «እሳቱን ቀንስ» ብለን ብንጽፍለት ኖሮ ቁልፉን አዙሮ ድስቱን እዚያው ይተወው ነበር። «ድስቱን አንሳው» የሚለው ቃል ግን ለከሰሉም ለኤሌክትሪኩም እኩል ይሠራል። አንስቶ ጎን ላይ አስቀምጦ፣ በርበሬውን ነስንሶ አማስሎ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ሰጥቶ፣ ከዚያ ይመልሰዋል። እያማሰለ፣ ሲደርቅ ጠብ እያደረገ፣ ዘይቱ ቀልቶ ከዳር እስኪለይ። የሚያስነጥሰው ሽታ ቀርቶ አፍ ውሃ እስኪሞላ ድረስ። ጾመኛ ሆናችሁ ይህን ሽታ ስታልፉበት ታውቁታላችሁ፤ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ምስሩ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ገጠመን። ልጁ ቀይ ክክ ምስር የሚገዛው ከቱርኮች ሱቅ ነው፤ እነሱም ሾርባ ስለሚሠሩበት ሁልጊዜ አይጠፋም። አያቴ ከሰል ላይ ሲያበስሉ ምስሩ ሊፈርስ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እሱ ዘንድ በ20 ደቂቃ አለቀ። መጀመሪያ የምስሩ ዓይነት መስሎን ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ከፍታው ይመስለኛል፦ ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሃምቡርግ ወደብ ነው፣ ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይልም፤ ውሃው ወደ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ምስሩ የሚበስለው በሞቀ ውሃ ስለሆነ እዚያ ቶሎ ይፈርሳል። 40 ደቂቃ ብለን ጽፈንለት ቢሆን ኖሮ ድስቱ ሥር ያረረ ገንፎ ነበር የሚያገኘው። ጣት ግን አይሸወድም፦ መሐሏ ላይ ትንሽ ደረቅ ነገር ካለ አሸዋ ናት፤ ከሌለ ቅቤ ናት።

ምስሩ ሳይፈርስ ቲማቲም እንዳያስገባም በስልክ ተነግሮታል፤ ኮምጣጣ ነገር ምስርን ያጠነክረዋል። አያቴ ምክንያቱን አይናገሩም፤ «ቲማቲም ምስርን ያስፈራራል» ነው የሚሉት። እሳቸው እንዲያውም ምስር ላይ ቲማቲም አያስገቡም።

ቅቤው አጨቃጨቀን። እዚህ ያለ የኛ ሰው ምስር ወጥ በዘይት ብቻም ይሠራል፣ በቅቤም ይሠራል፤ እኛ ቤት ረመዳን ላይ ያለ ቅቤ አይቀርብም። የተነጠረ ቅቤ እንላክለት ሲባል ግን አንድ የሚያውቅ ሰው ከለከለን። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ የወተትና የሥጋ ውጤት መንገደኛ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ከተያዘ ይወረሳል። ስለዚህ ቅመሙ ብቻ ተላከ፦ ደረቅ ኮሰረት፣ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ ጥቂት አብሽና እርድ። ልጁ እዚያ ከሱቅ ጨው የሌለው ቅቤ ገዝቶ ራሱ ያንጥረው ተባለ። ጨው ያለበትን ገዝቶ ከሆነ ወጡ ላይ የሚያደርገው ጨው ይዛባበታል። የማንጠሩም ምልክት ድምፅ ነው፦ ቅቤው ሲቀልጥ ይንጨረጨራል፣ ያ ውስጡ ያለው ውሃ ነው። ድምፁ ሲቆምና ከላይ ያለው አረፋ ሲረግፍ ውሃው አልቋል፣ ተነጥሯል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ብታቆዩት ሥር የዘቀጠው ያርራል። ወዲያው ማጥለል ነው።

ወልቂጤ የሚኖሩት የአያቴ እህት ግን ካርዱን ከመላኩ በፊት አይተው ኖሮ «ቅቤ መጨረሻ ላይ? ጥሬ ቅቤ ልታበሉት ነው?» ብለው ተቆጡ። እሳቸው ቅቤውን የሚያስገቡት ከበርበሬው ጋር፣ በዘይት ፋንታ ነው። የሁለቱንም በልቻለሁ። የወልቂጤዋ ወጥ ከታች ጀምሮ ከባድና ጠጠር ያለ ጣዕም አለው፣ በማግስቱ የበለጠ ይጥማል። የኛዋ ግን ክዳኑ ሲነሳ ኮሰረቱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ያ ሽታ ብዙ ከፈላ ይጠፋል። እኔ ከአያቴ ጋር ነኝ፤ ይህን የምለው ቤታቸው ስለምበላ ብቻ አይደለም። የካርዱ ጠርዝ ላይ ግን በትንሹ «ወልቂጤዎች ቅቤውን ከበርበሬው ጋር ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ሳይጻፍ ይሂድ ቢባል ሁለቱ እህቶች ዒድ ላይ የሚነጋገሩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጨው። ካርዱ ላይ «2 ጊዜ» የሚል ቁጥር ለምን እንደገባ ማንም አልጠየቀም፤ እኔ ግን ስጽፍ እጃቸውን አይቼ ገባኝ። የመጀመሪያው ጨው ምስሩ ሲለሰልስ ይገባል፣ ከሚበቃው ግማሽ ያህል። ወጡ እየወፈረ ሲሄድ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ቀድሞ ልኩን የያዘ ወጥ መጨረሻ ላይ ጨው ይሆናል። ሁለተኛው ጨው ሊወጣ ሲል ተቀምሶ ነው። ይህን ሁሉም ሴት ያውቀዋል። «ሌላ ሰው ይቅመስልህ» የሚለው ግን ድሮ የአያቴ ቃል አልነበረም።

ደም ግፊት ከያዛቸውና ጨው ቀንሱ ከተባሉ ወዲህ፣ ዕድሜውም ተጨምሮ፣ ጨው ላይ ምላሳቸው እምብዛም አይለይም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ዒድ ላይ ወጡ ጨው ሲሆን እኛ ዝም ብለን እንበላ ነበር፤ እሳቸው ግን ከፊታችን አንብበውታል። ከዚያ ወዲህ ሊያወጡ ሲሉ ድስቱን ወደኔ ገፋ ያደርጉታል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጾም ከሆነ እኔ በምላሴ ጫፍ ቀምሼ እተፋለሁ፤ ጾም ካልሆነም እኔው ነኝ። ጆሯቸው፣ አፍንጫቸውና ጣታቸው እንዳለ ነው። ምላሳቸው ግን ሄዷል፤ ይህንንም ራሳቸው ናቸው ካርዱ ላይ ያስጻፉት፣ ምክንያቱን ሳይናገሩ።

ልጁ እዚያ ብቻውን ነው፤ ማን ይቅመስለት? «እማማ፣ እኔ ምላሴ ደህና ነው» ሲላቸው «የሠራ ሰው ምላሱ ይደክማል፤ ሽታውን ጠጥቶ ጠጥቶ ጠግቦ ነው የሚቀምሰው» አሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ በርበሬና ቅቤ ስታሸት የቆየ አፍንጫ መለየት ማቆሙን ያበሰለ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ማንኪያ ይዞ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳ። እዚያ የሚኖረው ሶርያዊ ተማሪ ነው፤ እሱም ብቻውን ሲያፈጥር ነበር። ቀመሰና «ጨው ጥቂት ይቀረዋል፣ ሎሚ ደግሞ ይፈልጋል» አለው። ጨው ተጨመረ። ስለ ሎሚው አያቴ ሲነገራቸው ብዙ አሰቡና «ለሱ ሰሐን ብቻ» ብለው ፈቀዱ።

ከዒድ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። ለሦስት ቀን የሚሆነውን አንድ ጊዜ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያሳድረው ወጡ እንደ ጭቃ ይጠጥራል፤ ሲያሞቀው ደግሞ ሥሩ ያርራል። ምስር ሲቀዘቅዝ ውሃውን መጥጦ ይይዛል። አያቴ እንዲህ አሉ፦ የፈላ ውሃ በድስቱ ዳር ዳር አፍስስ፣ መሐሉ ላይ አይደለም። እሳቱን አሳንሰህ ክደነው፤ አታማስለው። ከዳር «ጡብ ጡብ» ማለት ሲጀምር ያን ጊዜ ከሥር ገልብጠው። ጨው እስኪሞቅ አታስነካው፤ የቀዘቀዘ ወጥ ጨው የሌለው ይመስላል። ካርዱ ላይ ቦታ ስላልነበረ ይህንን በድምፃቸው ቀድተን ነው የላክንለት።